ለክሊኒኩ ድረ ገጽ እንዴት ላስከፍል? በሰዓት፣ በቁርጥ ወይስ በየደረጃው

ጥያቄ፦ «በግሌ ድረ ገጽ እየሠራሁ የምተዳደር ነኝ። አንድ የግል ክሊኒክ ድረ ገጽና በእሱ ላይ ቀጠሮ የሚያዝበት ሥርዓት እንድሠራለት ጠይቆኛል። በሰዓት ላስከፍል፣ በቁርጥ ዋጋ ልዋዋል ወይስ በየደረጃው ይክፈሉኝ? የሠራሁበትን ሰዓትስ ኢንቮይሱ ላይ ላሳይ?»

ምላሽ፦ ሥራው በስሙ አንድ ቢሆንም በውስጡ ጠባያቸው የተለያየ ሦስት ሥራዎች አሉ፤ ስለዚህ ለሦስቱም አንድ ዓይነት አከፋፈል መምረጥ አይጠበቅብዎትም። ክሊኒኩ ዛሬ ቀጠሮ እንዴት እንደሚይዝ የሚያጠኑበትን ጊዜ ጣሪያ በተቀመጠለት ሰዓት ያስከፍሉ፤ ግንባታውን በቁርጥ ዋጋ ተዋውለው ክፍያውን በየደረጃው ይቀበሉ፤ ከርክክብ በኋላ የሚመጣውን ጥገናና ጭማሪ ደግሞ ተመልሰው በሰዓት ያስከፍሉ። የሰዓት መዝገቡን ሁልጊዜ ይያዙ፤ ለደንበኛው የሚያሳዩት ግን በሰዓት ለሚከፈለው ክፍል ብቻ ይሁን።

ይህን የምልበትን ምክንያት ቤት ያሠራ ሰው ሁሉ በቀላሉ ይረዳዋል። ግንበኛን በቀን ሒሳብ የቀጠረ ባለቤት ሥራው ቢጓተት የሚከፍለው እሱ ስለሆነ ከሥራው አጠገብ አይጠፋም። በቁርጥ የሰጠ ባለቤት ግን ዋጋውን አውቆ ይተኛል፤ መሬቱ ድንጋያማ ሆኖ ቁፋሮው ሁለት ሳምንት ቢፈጅ ኪሳራው የግንበኛው ነው። ስለዚህ በሰዓትና በቁርጥ መካከል ሲመርጡ የሚወስኑት ገና ያልታወቀው ነገር ዋጋ በማን ላይ እንዲያርፍ ነው። ያልታወቀውን ነገር የሚያውቀውና የሚቆጣጠረው ደንበኛው ከሆነ በሰዓት፣ እርስዎ ከሆኑ በቁርጥ መሥራት ለሁለቱም ወገን ፍትሐዊ ነው። በየደረጃው መክፈል ሦስተኛ ዓይነት ዋጋ ተደርጎ ሲነገር እሰማለሁ፤ በእርግጥ ግን ቁርጥ ዋጋው ራሱ ነው፤ ልዩነቱ ገንዘቡ ከሥራው እኩል እንዲራመድ መከፋፈሉ ብቻ ነው።

በእርስዎ ሥራ ያልታወቀው ነገር በአብዛኛው ያለው በእንግዳ መቀበያዋ ሠራተኛ ደብተር ውስጥ ነው። በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ የሚመጣ ሐኪም ይኖራል፤ ያለ ቀጠሮ የሚመጣ ታካሚ በመሐል ይገባል፤ ቀጠሮ የተያዘለት ሰው በአጭር የጽሑፍ መልእክት እንዲታወስ ይፈለግ ይሆናል፣ ለዚህ ደግሞ ክሊኒኩ ከቴሌኮም አገልግሎት ሰጪ ጋር መዋዋል ሊኖርበት ስለሚችል ጊዜው በእርስዎ እጅ አይሆንም። እነዚህን ሳያውቁ ቁርጥ ዋጋ መናገር አፈሩን ሳያዩ መሠረት እቆፍራለሁ እንደ ማለት ነው። ስለዚህ አስቀድመው የጥናት ሥራ ይዋዋሉ፤ በሰዓት 800 ብር ያስከፍላሉ ብንል «ከ10 ሰዓት ማለትም ከ8,000 ብር አይበልጥም፤ 8ኛው ሰዓት ላይ ስደርስ በጽሑፍ አሳውቃለሁ» ብለው ይጻፉ። ጣሪያው ደንበኛውን ከስጋት ያድነዋል፤ ማሳወቂያው ደግሞ ጣሪያው ላይ ድንገት ደርሶ መጨቃጨቅን ያስቀራል። የጥናቱ ውጤት ሦስት ወይም አራት ገጽ ሰነድ ይሁንና የደንበኛው ንብረት መሆኑ ይገለጽ፤ ግንባታውን ለሌላ ሰው ቢሰጥ እንኳ የከፈለበትን ነገር ይዞ ይሄዳል። 8 ሰዓት ተኩል ከፈጀ የሚጠይቁት 6,800 ብር ነው፤ ጣሪያው መድረሻ ስላልሆነ የተረፈው አይከፈልም።

ጥናቱ ሲያልቅ ግንባታውን በሰዓት መገመት ይችላሉ። ለንድፉ 22፣ ለገጾቹ 24፣ ለቀጠሮ ሥርዓቱ 34፣ ለሥልጠናና ለርክክብ 10፣ በድምሩ 90 ሰዓት ሆነ እንበል፤ በ800 ብር 72,000 ብር ይመጣል። ይህን ቁጥር እንዳለ ቁርጥ ዋጋ ማድረግ ግን ስህተት ነው፤ በቁርጥ ሲዋዋሉ የመጓተቱን ስጋት ከደንበኛው ትከሻ አንሥተው ራስዎ ተሸክመዋልና ለተሸከሙት ስጋት ዋጋ ሊኖረው ይገባል። ጥናቱ በደንብ ከተሠራ 20 በመቶ መጨመር ሚዛናዊ ይመስለኛል፤ ጥናት ሳይኖር ግን 20 በመቶ አይበቃም። በእኛ ስሌት 14,400 ብር ሲጨመር ቁርጥ ዋጋው 86,400 ብር ይሆናል። ጭማሪውን በፕሮፎርማው ላይ ለብቻው መስመር ሰጥተው አይጻፉት፤ የዋጋው አካል ነውና ከነጠሉት መጀመሪያ የሚሰረዘው እሱ ነው።

አሁን ደረጃዎቹን እንከፋፍል፤ ብዙ ሰው የሚጎዳው እዚህ ላይ ስለሆነ በዝግታ እንየው። 86,400 ብርን ለ90 ሰዓት ብናካፍለው እያንዳንዱ ሰዓት 960 ብር ያወጣል። በተለመደው መንገድ 25 በመቶ ቅድመ ክፍያ፣ 25 በመቶ ንድፉ ሲጸድቅ፣ 35 በመቶ የቀጠሮ ሥርዓቱ ሲሠራ፣ 15 በመቶ በርክክብ ቢባል ክፍፍሉ ለዓይን ያምራል። ነገር ግን ንድፉ ጸድቆ ሁለተኛው ክፍያ ሲገባ በእጅዎ ያለው 43,200 ብር ነው፤ ከዚያ ገጾቹንም የቀጠሮ ሥርዓቱንም ሠርተው ሦስተኛውን ኢንቮይስ በሚልኩበት ቀን ያለቀው ሥራ 80 ሰዓት፣ ማለትም የ76,800 ብር ሥራ ነው። በዚያች ቀን 33,600 ብር ያልተከፈለበት ሥራ ደንበኛው ዘንድ አለ ማለት ነው፤ ክሊኒኩ ሥራ አስኪያጅ ቢለውጥ ወይም ገንዘብ ቢያጥረው ተንጠልጥሎ የሚቀረው ይህ ነው።

ያንኑ ዋጋ በአምስት ብንከፍለውስ? 25 በመቶ ቅድመ ክፍያ፣ 25 በመቶ ንድፉ ሲጸድቅ፣ 20 በመቶ ገጾቹ በሙከራ አድራሻ ሲታዩ፣ 20 በመቶ የቀጠሮ ሥርዓቱ ሲሠራ፣ 10 በመቶ በርክክብ ይሁን። የቀጠሮ ሥርዓቱን በሚያቀርቡበት ቀን 60,480 ብር ስለገባ ተንጠልጥሎ የሚገኘው 16,320 ብር ብቻ ነው፤ ከመጀመሪያው ግማሽ እንኳ አይሞላም። ዋጋው አልጨመረም፣ ሥራውም አልተለወጠም፤ የተለወጠው አንድ ደረጃ ለሁለት መከፋፈሉና ከመጨረሻው ክፍያ 5 በመቶ ወደ ፊት መምጣቱ ብቻ ነው። ስለዚህ ደረጃ ሲያወጡ በመቶኛው ውበት አይመዝኑት፤ በየደረጃው ዋዜማ ያልተከፈለበት ሥራ ስንት ብር እንደሚሆን አስልተው ትልቁን ክፍተት ይፈልጉና እዚያ ላይ ደረጃ ይጨምሩ። በተቃራኒው ገንዘቡ ሁሉ ከፊት ተከፍሎ ሥራው ወደ ኋላ እንዲቀር ማድረግም ትክክል አይደለም፤ ደንበኛውም የራሱ ስጋት አለው።

እያንዳንዱ ደረጃ ማለቁ የሚታወቅበት ምልክት ከማንም ስሜት ውጭ መሆን አለበት። «ደንበኛው በንድፉ ሲረካ» የሚል ደረጃ መቼም አያልቅም። «የመነሻ ገጹ፣ የሐኪሞች ገጽና የቀጠሮ ገጹ ንድፍ በስልክና በኮምፒውተር መጠን ከቀረበበት ቀን ጀምሮ በ5 የሥራ ቀን ውስጥ በጽሑፍ አስተያየት ካልተሰጠበት እንደጸደቀ ይቆጠራል፤ እስከ ሁለት ዙር ማስተካከያ በዋጋው ውስጥ ተካቷል» የሚለው ግን ያልቃል። የመጨረሻውን ክፍያ በተለይ ይጠንቀቁት። «ድረ ገጹ ሥራ ሲጀምር» ተብሎ ከተጻፈ የሐኪሞቹን ፎቶና የትምህርት ማስረጃ ሰብስቦ የሚሰጥዎት ደንበኛው ስለሆነ፣ እርስዎ ጨርሰው ሳሉ አንድ ሐኪም ፎቶውን እስኪያመጣ ገንዘብዎ ወራት ሊቆይ ይችላል። «ሥርዓቱ በሙከራ አድራሻ ተጠናቅቆ ከቀረበ ከ10 ቀን በኋላ፣ ወይም ለሕዝብ ሲከፈት፣ ከሁለቱ በቀደመው» ብለው ቢጽፉ ደንበኛው ሳይጎዳ እርስዎም አይታሰሩም።

በግንባታው መሐል «እግረ መንገድህን የላቦራቶሪ ውጤት የሚታይበትንም ጨምርልን» መባሉ አይቀርም። እምቢ አይበሉ፤ በቁርጡ ውስጥም አይቀበሉት። በጥናቱ ሰነድ ውስጥ የሌለ መሆኑን ጠቅሰው ስንት ሰዓት እንደሚወስድና ስንት ብር እንደሚያስከፍል በአንድ አንቀጽ ጽፈው ይላኩ፤ ሥራውን የሚጀምሩት በጽሑፍ ሲፈቀድ ነው፤ ኢንቮይሱም ከደረጃ ክፍያው ተለይቶ ራሱን የቻለ ቁጥር ይኑረው። ከዋናው ደረጃ ጋር ከደባለቁት፣ ጭማሪው ላይ ክርክር በተነሣ ጊዜ የደረጃው ክፍያም አብሮ ይቆማል።

ወደ ሰዓት መዝገቡ እንምጣ። በቁርጥ በሚከፈል ሥራ ኢንቮይስ ላይ ሰዓት እንዳያሳዩ የምመክረው ራሴ ዋጋ ከፍዬ ስለተማርኩት ነው። ሥራ በጀመርኩበት ዘመን ከአንድ ድርጅት ጋር በ60,000 ብር ቁርጥ ተዋውዬ ሥራውን ባስረከብኩ ጊዜ፣ ግልጽነት መስሎኝ 41 ሰዓት እንደፈጀ የሚያሳይ ዝርዝር ከኢንቮይሱ ጋር አያያዝኩ። የፋይናንስ ኃላፊው 60,000ን ለ41 አካፍለው፣ ሰዓቴ ከ1,400 ብር በላይ መውጣቱን አይተው ቅናሽ ጠየቁ፤ ክፍያውም ስድስት ሳምንት ዘገየ። ሥራው 80 ሰዓት ቢፈጅብኝ ኖሮ እንጨምርልህ ብሎ የሚጠራኝ እንደማይኖር ያስቡት። ቁርጥ ዋጋ የተስማሙበት ለውጤቱ ነው፤ ኢንቮይሱም ስለ ውጤቱ ብቻ ይናገር፦ የውሉ ቁጥርና ቀን፣ የደረጃው ስም፣ ደረጃው ያለቀበት ማስረጃ፣ ለምሳሌ «በጥቅምት 3 ቀን በጽሑፍ የጸደቀ»፣ እና ገንዘቡ። መዝገቡ ግን በእርስዎ ዘንድ ይቀመጥ፤ ቀጣዩን ሥራ የሚገምቱት በእሱ ነው፣ ደንበኛው ውሉን በመሐል ቢያፈርስም ምን ያህል እንደተሠራ የሚያስረዳልዎት እሱ ነው።

በሰዓት በሚከፈለው ክፍል ነገሩ ይገለበጣል፤ እዚህ የሚሸጡት ሰዓቱን ስለሆነ መዝገቡ የኢንቮይሱ ማስረጃ ነው። ኢንቮይሱ ራሱ አጭር ይሁን፤ ጠቅላላ ሰዓት፣ የሰዓቱ ዋጋና ድምሩ ይበቃዋል። ዝርዝሩ በሌላ ገጽ እንደ አባሪ ይያያዝ፤ ከርክክብ በኋላ የአንድ ወር ጥገና አባሪ ይህን ሊመስል ይችላል፦

ጥቅምት 4፦ የሁለት አዳዲስ ሐኪሞችን ገጽ መጨመርና የቀጠሮ ሰዓታቸውን ማስገባት፤ 2.25 ሰዓት
ጥቅምት 11፦ የዕለቱን ቀጠሮዎች የሚያትም ቁልፍ መጨመር (በእንግዳ መቀበያ ክፍል ጥያቄ)፤ 1.75 ሰዓት
ጥቅምት 12፦ ባለፈው ቀን በጨመርኩት ቁልፍ ላይ የነበረን የቀን ስህተት ማረም፤ 0.75 ሰዓት፣ አይከፈልበትም
ጥቅምት 20፦ የአገልግሎት ዋጋ ዝርዝሩን ማደስ፤ 0.50 ሰዓት

የሚከፈልበት 4.50 ሰዓት በ800 ብር 3,600 ብር ይሆናል። «የድረ ገጽ ሥራ፤ 4.50 ሰዓት» ብለው ቢጽፉ ኖሮ የሚከፍለው ሰው ምን እንዳገኘ ስለማያውቅ ስልክ መደወሉ አይቀርም፤ አሁን ግን እያንዳንዱን መስመር ከሚያየው ነገር ጋር ማገናኘት ይችላል። የጠየቀው ክፍል መጠቀሱም ጠቃሚ ነው፤ ክሊኒክ ውስጥ አዛዡ አንድ ሰው፣ ከፋዩ ሌላ ሰው ነው። የጥቅምት 12ቱን መስመር ደግሞ አይደብቁት። የራስዎን ስህተት በራስዎ ጊዜ ማረምዎን በጽሑፍ ያየ ደንበኛ የቀሩትን መስመሮች ለማመን አይቸገርም።

ሰዓቱን ወደ ቁጥር ሲለውጡ አንድ የተለመደ ስህተት አለ። 1 ሰዓት ከ45 ደቂቃ በአሥርዮሽ 1.75 እንጂ 1.45 አይደለም፤ ደቂቃው ለ60 መካፈል አለበት። ከላይ ያሉትን ሦስት የሚከፈልባቸው መስመሮች 2.15፣ 1.45 እና 0.30 ብሎ የጻፈ ሰው 3.90 ሰዓት አግኝቶ 3,120 ብር ይጠይቃል፤ በአንዲት ትንሽ ኢንቮይስ ብቻ 480 ብር ጠፋበት። ስህተቱ ሁልጊዜ የሚጎዳው እርስዎን ስለሆነ ደንበኛው አይነግርዎትም። ምልክቱ ቀላል ነው፤ በሩብ ሰዓት የሚመዘግቡ ከሆነ ከነጥብ በኋላ 15፣ 30 ወይም 45 ካዩ ስሌቱ ተሳስቷል፤ መታየት ያለባቸው 25፣ 50፣ 75 እና 00 ብቻ ናቸው።

በኤክሴል የሚይዙ ከሆነ መነሻውን በ`B2`፣ መድረሻውን በ`C2` አስገብተው ይህን ይጻፉ፤ የውጤቱ ሕዋስ የቁጥር ቅርጽ ይኑረው፦

```
=MOD(C2-B2,1)*24
```

`MOD` የተጨመረው ሥራው እኩለ ሌሊትን ሲሻገር ውጤቱ አሉታዊ እንዳይሆን ነው። ነገር ግን ሰዓቱን በእኛ አቆጣጠር ካስገቡ ይኸው ጥንቃቄ ራሱ ያሳስትዎታል። ከቀኑ 11:30 እስከ ምሽቱ 1:15 የሠሩት 1 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ነው፤ ኤክሴል ግን 11:30ን ከረፋድ፣ 1:15ን ከሌሊት ቆጥሮ ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ 13.75 ይሰጥዎታል። በሰንጠረዡ ውስጥ 17:30 እና 19:15 ብለው በ24 ሰዓት አቆጣጠር ይጻፉ። ለደንበኛው የሚላከው አባሪ ላይ ደግሞ መነሻና መድረሻው ሳይሆን ቀኑና የፈጀው ሰዓት ብቻ ቢቀመጥ የሰዓት አቆጣጠር ጥያቄ ጨርሶ አይነሣም። ነገ ውጭ አገር ላለ ደንበኛ ሲሠሩ ቀኑን በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር የወሩን ስም በፊደል ጽፈው ያስቀምጡት፤ 04/10 የሚለውን አንዱ ኤፕሪል፣ ሌላው ኦክቶበር ብሎ ያነበዋል።

በሩብ ሰዓት ማጠጋጋት ተቀባይነት ያለው አሠራር ነው፤ ነገር ግን በውሉ ውስጥ መጻፍና ምኑ እንደሚጠጋጋ መገለጽ አለበት። በአንድ ቀን ስምንት ጊዜ ተደውሎ በየጊዜው አምስት ደቂቃ ቢያወሩ የሠሩት 40 ደቂቃ ነው። እያንዳንዱን ጥሪ ወደ ሩብ ሰዓት ከፍ ካደረጉ 2 ሰዓት ይሆናል፤ የቀኑን ድምር ካጠጋጉ ግን 0.75 ይሆናል። የመጀመሪያው ያልሠሩትን 80 ደቂቃ ማስከፈል ስለሆነ በየቀኑ ድምር ላይ ብቻ እንዲያጠጋጉ እመክራለሁ። መዝገቡንም በዕለቱ ይሙሉት፤ ዓርብ ተቀምጦ የሰኞን ማስታወስ ሲጀመር ሰዓቶቹ ሁሉ 2.00 እና 3.00 ይሆናሉ፣ ብዙ ኢንቮይስ ያየ ሒሳብ ሠራተኛም ይህን በአንድ እይታ ይለየዋል።

ለጥገናው ወርኃዊ ጣሪያ ካስቀመጡ፣ ለምሳሌ «በወር ከ6 ሰዓት አይበልጥም» ካሉ፣ ሒሳቡ በየትኛው አቆጣጠር ወር እንደሚሄድ ይጻፉ። በእኛ አቆጣጠር ከሆነ ጳጉሜን ከነሐሴ ጋር ተደምራ እንደምትታሰብ አንድ ዓረፍተ ነገር ይጨምሩ፤ አለበለዚያ በእነዚያ አምስት ወይም ስድስት ቀናት የሠሩት ሥራ የየትኛው ወር ጣሪያ እንደሚነካ ሁለታችሁም አታውቁም።

በመጨረሻም ኢንቮይስ የክፍያ መጠየቂያ እንጂ ሕጋዊ ደረሰኝ እንዳልሆነ ልብ ይበሉ፤ ክሊኒኩ ሒሳቡን ለመዝጋት ደረሰኝዎን ይፈልጋል። ስለዚህ በእያንዳንዱ ደረጃ ኢንቮይስ ላይ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥርዎን ይጻፉ፤ የተጨማሪ እሴት ታክስ ተመዝጋቢ ከሆኑ ዋጋው 15 በመቶውን ያካተተ መሆን አለመሆኑ ከፕሮፎርማው ጀምሮ ግልጽ ይሁን። ክሊኒኩ ቅድመ ግብር ቀንሶ የሚከፍል ከሆነ ወደ ባንክዎ የሚገባው ገንዘብ ከኢንቮይሱ ያነሰ ይሆናል፤ ያ ጉድለት አይደለም፣ በዓመቱ መጨረሻ ከግብርዎ ላይ የሚታሰብልዎት ገንዘብ ነው። ለዚህ የሚያስፈልግዎ ክሊኒኩ የሚሰጥዎት የተቀናሽ ደረሰኝ ነው፤ አምስት ደረጃ ካለ አምስት ደረሰኝ መኖር አለበትና የሚቀጥለውን ኢንቮይስ ሲልኩ ያለፈውን የተቀናሽ ደረሰኝ አብረው ይጠይቁ።